«ወደብ ላይ ነው» ከሚለው ምላሽ ባሻገር፦ የዘገየ ኮንቴይነርን ሁኔታ ከዕቃ አስተላላፊ ስለ መጠየቅ

በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናንና በጎ አድራጊ ወገኖች ለደብር ክሊኒክ አልጋ፣ ለትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ፣ ለገዳም የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲልኩ፣ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ በኮንቴይነር ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። መርከቡ ደረሰ ከተባለ በኋላ ግን ሳምንታት ያልፋሉ። በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ፣ «አስተላላፊውን ደውለን ጠይቀነዋል፤ ወደብ ላይ ነው፣ በሂደት ላይ ነው ብሎናል» ይላል። ጉባኤውም ይህንኑ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይሻገራል።

ይህ ምላሽ ሐሰት ባይሆንም ለሥራ የሚጠቅም ነገር የለውም። ዕቃው ለምን እንደቆመ፣ ማን ምን ቢያደርግ እንደሚንቀሳቀስ፣ በየቀኑ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚታሰብበት አይነግረንም። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የሚጀምረው ከመላሹ ሳይሆን ከጥያቄው ነው፤ «ዕቃችን ከምን ደረሰ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ወደብ ደርሷል» ብሎ ቢመልስ ለጥያቄው የሚመጥነውን መልስ ሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የልማት ኮሚቴዎችና የደብር አስተዳዳሪዎች አስተላላፊውን ምን ብለው፣ በምን ቅርጽ ቢጠይቁ ሊሠራበት የሚችል ምላሽ እንደሚያገኙ እንመለከታለን።

አስተላላፊው ማን ነው? ማንስ አይደለም?

በተለምዶ ትራንዚተር የምንለው ዕቃ አስተላላፊ የባለ ዕቃው ወኪል ነው። ሰነዶችን ተቀብሎ ለመርከብ ድርጅቱ ወኪል፣ ለወደቡና ለጉምሩክ ያቀርባል፤ በባለ ዕቃው ስም ዲክላራሲዮን ያስመዘግባል፤ ክፍያዎችን ይፈጽማል፤ የየብስ መጓጓዣ ያመቻቻል። መርከቡ የእርሱ አይደለም፤ የወደቡም አስተዳዳሪ አይደለም፤ የቀረጥ ነጻ መብትን የመፍቀድም ሆነ የመከልከል ሥልጣን የለውም።

ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው አስተላላፊውን ሊፈጽመው በማይችለው ነገር ከመውቀስ ስለሚጠብቀን ነው። የጭነት ሰነዱ ላይ የተቀባዩ ስም በስሕተት ከተጻፈ አስተላላፊው ሊያርመው አይችልም፤ እርማቱን ዕቃውን የላከው ወገን ከመርከብ ድርጅቱ መጠየቅ አለበት። የቀረጥ ነጻ ደብዳቤ ካልተገኘም ደብዳቤውን ማስጨረስ የተቀባዩ ድርሻ ነው። ነገር ግን የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ በጊዜው ማወቅና ለባለ ዕቃው ማስታወቅ የአስተላላፊው ግዴታ ነው። ስለዚህ ከእርሱ የምንጠይቀው ዋናው ነገር ተአምር ሳይሆን ትክክለኛ መረጃ ነው።

ኮንቴይነሩ የት የት ሊቆም ይችላል?

«ወደብ» የሚለው ቃል በአንድ ስም ብዙ ቦታዎችን ይሸፍናል። ኮንቴይነሩ በጅቡቲ ዶራሌ ተርሚናል ከመርከብ ወርዶ ገና ሰነዱ ያልቀረበለት ሊሆን ይችላል። ሰነዱ ተጠናቅቆ ተሽከርካሪ ወይም የባቡር ፉርጎ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። በጋላፊ በኩል ድንበር ተሻግሮ በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ የጉምሩክ ፍተሻ የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። በአራቱም ቦታዎች «ወደብ ላይ ነው» ወይም «በሂደት ላይ ነው» ሊባል ይችላል፤ መፍትሔው ግን በየቦታው ይለያያል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ዕቃው የመጣበት የማጓጓዣ ሥርዓት ነው። መልቲሞዳል በሚባለው ሥርዓት ከመነሻው እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለው ጉዞ በአንድ የጭነት ሰነድ ይሸፈናል፤ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ የማንቀሳቀሱ ኃላፊነትም የአጓጓዡ ነው። በዚህ ሥርዓት የመጣ ዕቃ ጅቡቲ ላይ ቢዘገይ የሚጠየቀው አጓጓዡ ሲሆን፣ የደብሩ አስተላላፊ ዋና ሥራ የሚጀምረው ደረቅ ወደቡ ላይ ነው። ዩኒሞዳል በሚባለው ግን የመርከቡ ውል ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚያከናውነው የባለ ዕቃው አስተላላፊ ነው። የጭነት ሰነዱ ላይ የመጨረሻ መድረሻ ተብሎ የተጻፈውን ቦታ መመልከት ብቻ ይህን ለመለየት በአብዛኛው ይበቃል።

ከመጠየቅ አስቀድሞ በእጅ ሊኖር የሚገባው

አንድ አስተላላፊ በአንድ ጊዜ የብዙ ባለ ዕቃዎችን ጉዳይ ይከታተላል። «ከአሜሪካ የመጣው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ» ቢባል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ መፈለግ ይኖርበታል። ስለዚህ ማንኛውም ጥያቄ በሁለት ቁጥሮች መጀመር አለበት።

አንደኛው የኮንቴይነሩ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በመላው ዓለም አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች ይዟል። ለአብነት CSQU3054383 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የኮንቴይነሩን ባለቤት፣ አራተኛው U የጭነት ኮንቴይነር መሆኑን ያመለክታሉ። ስድስት አኃዞች የተራ ቁጥር ናቸው። የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ በስሌት የሚገኝ መቈጣጠሪያ ነው፤ ከአኃዞቹ አንዱ በስሕተት ቢጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ ስለማይገጥም ስሕተቱ ይታወቃል። ስለዚህ ቁጥሩን በስልክ በቃል ከመናገር ይልቅ ከሰነዱ ላይ በጥንቃቄ ገልብጦ በጽሑፍ መላክ ይሻላል።

ሁለተኛው የጭነት ሰነዱ፣ ማለትም የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ዕቃውን በውጭ አገር የተቀበለው ሌላ አስተላላፊ ከሆነ ሁለት ዓይነት የጭነት ሰነዶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱን የሚያወጣው መርከብ ድርጅቱ ሲሆን ሌላውን ደግሞ አስተላላፊው ለላኪው ይሰጣል። አስተላላፊው ያወጣው ቁጥር በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ይህ ዕቃው ጠፋ ማለት አይደለም። በኮንቴይነሩ ቁጥር መፈለግ ወይም የመርከብ ድርጅቱን ሰነድ ቁጥር ከላኪው መጠየቅ ይገባል።

በኮንቴይነሩ ቁጥር በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊመለከት ይችላል። Discharged የሚል ቃል ከቀን ጋር ከታየ ኮንቴይነሩ ከመርከብ ወርዷል ማለት ነው፤ Gate out የሚል ከታየ ከወደቡ በር ወጥቷል። ለምን እንደቆመ ግን ድረ ገጹ አይናገርም። ስለዚህ «የት ነው?» የሚለውን ራሳችን አይተን፣ አስተላላፊውን «ለምን ቆመ? ቀጥሎስ ምን ይደረግ?» ብለን እንጠይቅ።

የሚቈጠሩት ቀናት

ኮንቴይነር ከመርከብ ከወረደበት ቀን ጀምሮ በባለ ዕቃው ላይ ሦስት ዓይነት ቀናት ሊቈጠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የወደቡ ነው፤ የተፈቀደው ነጻ ጊዜ ሲያልፍ ወደቡ ለያዘው ቦታ የማከማቻ ኪራይ ያስከፍላል። ሁለተኛው የመርከብ ድርጅቱ ነው፤ ኮንቴይነሩ ንብረቱ ስለሆነ ነጻ ጊዜው ካለፈ በኋላ ወደብ ውስጥ ለቆየበት ዲመሬጅ ይጠይቃል። ሦስተኛው ኮንቴይነሩ ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶው እስኪመለስ ድረስ የሚቈጠር ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ደብሮች የሚረሱት ነው። ዕቃው ደብሩ ግቢ ደርሶ ማራገፊያ ሰው ወይም ማስቀመጫ ቦታ ሳይዘጋጅ ቢቀር፣ ኮንቴይነሩ በቆመበት ቀን ልክ ክፍያው ይጨምራል።

የነጻ ጊዜው ርዝመት በየመርከብ ድርጅቱና በየውሉ ይለያያል፤ የቀን ክፍያውም ብዙ ጊዜ ቀኑ በረዘመ ቍጥር ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከሌላ ደብር የሰማነውን ቍጥር ይዘን ከመገመት ይልቅ ለእኛው ኮንቴይነር የተወሰነውን ቀን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ከዚሁ ጋር አንድ የራሳችን አገር ችግር አለ። የመርከብ ሰነዶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ በእኛ አቈጣጠር ይጻፋል። ፌብሩዋሪን በልማድ «የካቲት» ብሎ መተርጐም የተለመደ በመሆኑ፣ አስተላላፊው «ነጻ ጊዜው የሚያበቃው ፌብሩዋሪ 16 ነው» ሲል ጸሐፊው «የካቲት 16» ብሎ ይመዘግባል። በ2017 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 16 የዋለው የካቲት 9 ቀን ነበረ። ኮሚቴው ሰባት ቀን ይቀረናል ብሎ ሲያስብ ነጻ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ማንኛውም ቀን በሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን እንዲጻፍ ማድረግ አስፈላጊ ነው። የሥራ ቀናትም እንዲሁ ይለያያሉ፤ በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተላከ ጥያቄ በማግስቱ ወደብ ላይ እርምጃ ያስገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የጥያቄው ደብዳቤ

ስልክ ለአስቸኳይ ጉዳይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በስልክ የተባለው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ይላክ፤ ከተላከ በኋላ ደርሶ እንደሆነ በስልክ ይረጋገጥ። ደብዳቤው አጭር ሆኖ አምስት ጥያቄዎችን ቢይዝ ይበቃል። የሚከተለውን አብነት እንደ ሁኔታው እያስተካከሉ መጠቀም ይቻላል።

ለ________ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት

ጉዳዩ፦ የኮንቴይነር ቁጥር ________፣ የጭነት ሰነድ ቁጥር ________ ያለበትን ሁኔታ በጽሑፍ ስለ መጠየቅ

ከላይ ቁጥሩ የተጠቀሰው ኮንቴይነር በቀን ________ ከመርከብ መውረዱን ከመርከብ ድርጅቱ መረጃ ተረድተናል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትገልጹልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. ኮንቴይነሩ ዛሬ በየትኛው ተርሚናል ወይም ደረቅ ወደብ እንደሚገኝ፤
2. እስካሁን የተጠናቀቀው የመጨረሻ እርምጃ ምን እንደሆነ፣ ቀጣዩስ እርምጃ ምን እንደሆነና በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚፈጸም፤
3. ሥራውን ያቆመ ሰነድ፣ ክፍያ ወይም ፈቃድ ካለ ስሙን፣ ማን ማቅረብ እንዳለበትና የጠየቀው አካል የሰጠው ጽሑፍ ካለ ቅጂውን፤
4. የወደቡና የመርከብ ድርጅቱ ነጻ ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ በቀን የሚታሰበውን ክፍያ ለየብቻው፤
5. ቀጣዩን መረጃ የምትሰጡንን ቀንና ጉዳዩን የሚከታተለውን ሠራተኛ።

ከእኛ ወገን ጉዳዩን የሚከታተሉት የልማት ኮሚቴው ጸሐፊ ሲሆኑ ስልካቸው ________ ነው። ምላሻችሁን እስከ ________ ቀን እንጠብቃለን።

ከአምስቱ ጥያቄዎች ትልቁ ሁለተኛው ነው። አስተላላፊው የመጨረሻውን የተጠናቀቀ እርምጃና ቀጣዩን ለይቶ ለመጻፍ መዝገቡን ማየት አለበት፤ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም። አምስተኛውም ቀላል አይደለም። የቀጣዩ መረጃ ቀን ከተወሰነ ኮሚቴው በየቀኑ እየደወለ አስተላላፊውን አያሰለችም፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ለማስታወስ ግልጽ ምክንያት ይኖረዋል።

ደብዳቤውን የሚጽፈውና የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ይመረጣል። አስተዳዳሪው በአንድ ወገን፣ ጸሐፊው በሌላ ወገን፣ ዕቃውን የላኩት ምእመናን ደግሞ ከውጭ አገር እየደወሉ ቢጠይቁ አስተላላፊው ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ይነግራል፤ ሰነድ የጠየቀውም ከማን እንደሆነ ይጠፋበታል።

በምሳሌ እንየው

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአንድ ደብርን ጉዳይ በምሳሌነት እናቅርብ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ምእመናን በገጠር ላለ የደብር ክሊኒክ የሕመምተኛ አልጋዎች፣ ጠረጴዛዎችና ወንበሮች በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ላኩ እንበል። ዕቃው የመጣው በዩኒሞዳል ሲሆን ከመርከብ የወረደው ፌብሩዋሪ 3፣ ማለትም ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ደውሎ ሦስቱንም ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። የካቲት 4 ቀን (ፌብሩዋሪ 11) ከላይ ያለውን ደብዳቤ ላከ። በማግስቱ የሚከተለው ምላሽ መጣ።

«ኮንቴይነሩ በዶራሌ ተርሚናል ይገኛል። የመጨረሻው የተጠናቀቀው እርምጃ ሰነዶችን ከእናንተ መረከባችን ነው። ዲክላራሲዮኑን ማስመዝገብ አልቻልንም፤ ምክንያቱም የቀረጥ ነጻ ደብዳቤው የተሰጠው በሀገረ ስብከቱ ስም ሲሆን የጭነት ሰነዱ ላይ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው የደብሩ ስም ነው። የጭነት ሰነዱ እንዲታረም ላኪው ለመርከብ ድርጅቱ ማመልከት አለበት። ነጻ ጊዜው የሚያበቃው ፌብሩዋሪ 16 ነው።»

ይህ ምላሽ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። በዚያች ቀን ኮሚቴው የሚከተለውን አወቀ፦ ዕቃውን የያዘው ጉምሩክ አይደለም፤ ወደቡም አይደለም። ዕቃውን ያቆመው የሁለት ሰነዶች ስም አለመግጠም ነው። መፍትሔው ያለው ደግሞ በጅቡቲም በአዲስ አበባም ሳይሆን በዋሽንግተን ነው። ለአስተላላፊው መቶ ጊዜ ቢደወል ለውጥ አይመጣም ነበር።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ሦስት ነገሮችን አደረገ። አንደኛ፣ በቀረጥ ነጻ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የሀገረ ስብከቱን ስም ፊደል በፊደል ገልብጦ፣ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር ለላኪዎቹ ላከ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ ዓይነት አጻጻፍ ስላለው በቃል ቢነገር ሌላ ስሕተት ሊወልድ ይችል ነበር። ሁለተኛ፣ ላኪዎቹ በእጃቸው ያሉትን የመጀመሪያ የጭነት ሰነዶች ለመርከብ ድርጅቱ መልሰው የታረመ እንዲወጣላቸው እንዲያመለክቱ፣ የእርማቱንም ክፍያ እንዲከፍሉ አስታወቀ። መርከብ ድርጅቱ ቀድሞ የወጡት የመጀመሪያ ሰነዶች ሳይመለሱለት በሌላ ስም አያወጣም፤ ያለዚያ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ባለ መብቶች ይኖራሉ። ሦስተኛ፣ አስተላላፊው ነጻ ጊዜው ከማለቁ በፊት ለመርከብ ድርጅቱ ወኪል የተጨማሪ ነጻ ቀናት ጥያቄ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ የግድ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሚቀርብ የምሕረት ልመና ይልቅ ግን የመሰማት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ወኪሉ አምስት ቀን ጨመረ፤ ነጻ ጊዜው እስከ ፌብሩዋሪ 21 ሆነ። እርማቱ ፌብሩዋሪ 19 ተጠናቀቀ። ዲክላራሲዮኑ ተመዝግቦ፣ ተሽከርካሪ ተገኝቶ ኮንቴይነሩ ከወደብ የወጣው ፌብሩዋሪ 25 ነበር። ለስሌት እንዲመች የቀኑ ክፍያ በድምሩ 40 ዶላር ነበር ብለን ብንወስድ፣ ከነጻ ጊዜው ያለፉት አራት ቀናት 160 ዶላር አስከፍለዋል። ተጨማሪው ጊዜ ባይጠየቅ ኖሮ ዘጠኝ ቀን፣ 360 ዶላር ይሆን ነበር። ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ደግሞ በዚያው ልክ ሌላ 560 ዶላር ይጨመርበት ነበር፤ የቀን ክፍያው ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነም ከዚህ ይበልጣል። ለአንድ የገጠር ክሊኒክ ይህ ገንዘብ የመድኃኒት ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን የጭነት ሰነዱ ገና ረቂቅ ሳለ ማየት ነው። መርከብ ድርጅቱ ሰነዱን ከማጽደቁ በፊት ረቂቁን ለላኪው ይልካል። ላኪው ረቂቁን ለደብሩ፣ ደብሩም ለአስተላላፊው ቢያሳዩ፣ የተቀባዩ ስም ከቀረጥ ነጻ ደብዳቤው ጋር መግጠሙ በአንድ ቀን ይታወቃል።

ምላሹን ስለ ማንበብ

በደብዳቤ ብንጠይቅም አንዳንዴ የሚመጣው ምላሽ ድፍን ይሆናል። «ጉምሩክ ይዞታል» የሚል ከመጣ፣ ለሰነድ ምርመራ ነው፣ ለአካል ፍተሻ ነው ወይስ ለዋጋ ጥያቄ ነው ተብሎ መልሶ መጠየቅ ይገባል። ለአካል ፍተሻ ከሆነ ጉዳዩ የቀናት ነው፤ የዕቃ ዝርዝሩ ከውስጥ ካለው ጋር መግጠሙ ወሳኝ ነው። በስጦታ የመጣ ዕቃ ምንም እንኳ ዋጋ ባይከፈልበትም በሰነድ ላይ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ «ዋጋ የለውም» ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ጥያቄ ያስነሣል።

«ፈቃድ ይጎድላል» የሚል ከመጣ፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ለየትኛው ዕቃ ተብሎ ይጠየቅ። ከአልጋዎቹ መካከል በበጎ ፈቃድ የተጨመሩ ሁለት ካርቶን መድኃኒት ወይም የሕክምና መሣሪያ ካሉ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል፤ ሁለቱ ካርቶኖችም መላውን ኮንቴይነር ሊያቆሙት ይችላሉ። ስለዚህ ላኪዎች ያለ ደብሩ ዕውቅና አንዳች ነገር እንዳይጨምሩ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

«ክፍያ ይቀራል» የሚል ከመጣ፣ ከፋዩ ማን እንደሆነና ክፍያውን የጠየቀው ማን እንደሆነ ይለይ። የአስተላላፊው የአገልግሎት ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ደብሩ ለወደብ፣ ለመርከብ ድርጅት ወይም ለጉምሩክ የሚከፍለው ሌላ ነው። የኋለኛው በራሱ በጠየቀው አካል የክፍያ መጠየቂያ መደገፍ አለበት፤ ከተከፈለም በኋላ ደረሰኙ ለደብሩ ሒሳብ ሹም መድረስ አለበት። «ነገሩን ለማፋጠን» ተብሎ በግለሰብ ሒሳብ እንዲገባ የሚጠየቅ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ በኦዲትም የሚቀርብ ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ አይከፈልም።

ምላሽ ሲጠፋ

አስተላላፊው በተባለው ቀን ካልመለሰ፣ በማግስቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂ አያይዞ ሁለተኛ ማስታወሻ መላክ ይገባል። በዚህ ደብዳቤ ላይ አዲስ ጥያቄ አይጨመር፤ የነጻ ጊዜው ቀንና በመዘግየቱ የሚመጣው ወጪ በኃላፊነት እንደሚያስጠይቅ በጨዋ ቃል ይገለጽ። በሁለት የሥራ ቀናት ምላሽ ካልመጣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እንዲያውቁት ይደረግ። ከዚያም ካልሆነ ኮሚቴው ራሱ የጭነት ሰነዱን ቅጂ ይዞ የመርከብ ድርጅቱን የአዲስ አበባ ወኪል መጠየቅ ይችላል። ወኪሉ ኮንቴይነሩ መውረዱን፣ ማስረከቢያ ትእዛዝ ተጠይቆ እንደሆነና ነጻ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ ሊናገር ይችላል። ማስረከቢያ ትእዛዙ ገና አልተጠየቀም ከተባለ ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው፤ አስተላላፊውን በዚህ ማስረጃ መጠየቅ ይቻላል።

አስተላላፊን መለወጥ የመጨረሻው እርምጃ ነው። የመጀመሪያ ሰነዶቹ በቀድሞው እጅ ስለሆኑ በጽሑፍ ተረክቦ ለአዲሱ ማስረከብ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያን ጊዜም ቀኑ መቈጠሩን አይተውም። በሌላ በኩል ግን ዝም ብሎ መጠበቅም መጨረሻ አለው። በጉምሩክ ሕግ በተወሰነው ጊዜ ያልተነሣ ዕቃ እንደተተወ ተቈጥሮ ሊሸጥ ወይም ሊወገድ ይችላል። ነገሩ ሲረዝም ይህ ቀን መቼ እንደሆነ ከአስተላላፊው በጽሑፍ ተጠይቆ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ለዚህም ሲባል ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር አንድ ዶሴ ይከፈት። በመጀመሪያው ገጽ የኮንቴይነሩና የጭነት ሰነዱ ቁጥር፣ ነጻ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን በሁለቱም አቈጣጠር፣ የአስተላላፊው ተጠሪ ስምና ስልክ ይጻፍ። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ጥያቄና ምላሽ በቀኑ ይመዝገብ። ጸሐፊው ቢለወጥ ወይም አስተዳዳሪው ወደ ሌላ ደብር ቢዛወሩ ተተኪው ከዚህ አንድ ገጽ ዕቃው የት እንደቆመና ቀጥሎ ማን ምን እንደሚያደርግ ያነባል። በሚቀጥለው ስብሰባም ጸሐፊው «ወደብ ላይ ነው» ከማለት ይልቅ፣ «ዶራሌ ላይ ነው፤ የጭነት ሰነዱ እርማት ከላኪዎቹ እስከ ረቡዕ ይጠበቃል፤ ነጻ ጊዜው የሚያበቃው የካቲት 9 ነው» ብሎ ያቀርባል።